«26.2» ግማሽ ማራቶን አይደለም፦ በውጭ ውድድር የምዝገባ ገጽ ላይ ኪሎ ሜትርን ወደ ማይል የመቀየር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ሯጮች የውጭ ውድድር ቅጽ ሲሞሉ አጠገባቸው ከምቀመጥ ሰዎች አንዱ ነኝ። ባለፈው ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል ሲሮጥ የማየው አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ለግማሽ ማራቶን ተመዝግቤያለሁ። ክፍያውን ውጭ ያለችው አክስቴ በካርዷ ጨርሳልኛለች፤ ወረቀቱን ብቻ እይልኝ» አለኝ። አየሁት። የመረጠው ርቀት «26.2» ነው።

«ለምን ይሄን መረጥህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከ5 እና ከ10 በላይ ሁለት ቁጥር ነው የነበረው። 13.1 አነሰብኝ። ግማሽ ማራቶን 21 ስለሆነ የሚቀርበው 26.2 ነው ብዬ ነው። ቢበዛ ከዚህ ሻሸመኔ ማለት አይደል?»

አይደለም። 26.2 ማይል ሙሉ ማራቶን ነው፤ 42.195 ኪሎ ሜትር። ልጁ ለ21 ተዘጋጅቶ ለ42 ተመዝግቧል። ንቀቱን ለማይል ትቼ ለልጁ አዘንኩ፤ ምክንያቱም ስሌቱን አያውቅም ማለት አይቻልም፣ ቁጥሩ በምን እንደተለካ ማንም አልነገረውም። ብዙዎች የሚወድቁት እዚሁ ላይ ስለሆነ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ተከተሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። አንደኛ፣ መሮጥ የምትፈልጉትን ርቀት በኪሎ ሜትር፦ ሙሉ ማራቶን 42.195፣ ግማሽ ማራቶን 21.0975። ሁለተኛ፣ የመጨረሻ ውድድራችሁን ሰዓት ከነሰከንዱ። «ሁለት ሰዓት ከሃያ ምናምን» አይበቃም። ሦስተኛ፣ ይህን ቁጥር፦

```
1 mile = 1.609344 km
```

ይህ ግምት አይደለም፤ ማይል ዛሬ የሚታወቀው በትክክል በዚህ ልክ ነው። 1.6 ብላችሁ ብታሳጥሩት ለጨዋታ ይሆናል፤ ለማራቶን ግን ስህተቱ ከመቶ ሜትሮች በላይ ይዘልቃል። ወደ ኋላ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ቅጹን ከመክፈታችሁ በፊት ስሌቱን ጨርሱ፤ አንዳንድ ገጽ ብዙ ከቆያችሁበት የሞላችሁትን ሁሉ አጥፍቶ ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ያን ጊዜ በችኮላ የሚነካ ቁጥር ነው ሰው የሚጸጸትበት።

## ደረጃ 1፦ ቁጥሩ በምን እንደተለካ እወቁ

ምንም ከማስላታችሁ በፊት ከቁጥሩ ጎን ያለውን ፊደል ፈልጉ። «mi» ወይም «miles» ካለ ማይል ነው። «km» ወይም «K» ካለ ኪሎ ሜትር ነው። አስቸጋሪው «M» ነው። በእንግሊዝ ውድድሮች «10M» ሲባል አሥር ማይል ማለት ነው፤ ይህም 16.09 ኪሎ ሜትር ነው። «10K» ግን አሥር ኪሎ ሜትር ነው። በአንዲት ፊደል ምክንያት ስድስት ኪሎ ሜትር ይጨመርባችኋል።

የአሜሪካ ገጽ ደግሞ ሁለቱንም መለኪያ አንድ ዝርዝር ውስጥ ይቀላቅላል፤ እነሱ ለምደውታል፣ እኛን ነው የሚያደናግረን። እንዲህ ያለ ዝርዝር ታገኛላችሁ፦

```
5K
10K
13.1
26.2
```

የላይኞቹ ሁለቱ በኪሎ ሜትር፣ የታችኞቹ ሁለቱ በማይል ናቸው። የልጁ ገጽ እንዲህ ያለ ነበር። ዓይኑ 5፣ 10፣ 13.1፣ 26.2 ብሎ በአንድ መስመር አነበበው፤ ከላይ ያሉት ኪሎ ሜትር ስለሆኑ የታችኞቹም የሆኑ መሰለው።

ፊደል ጭራሽ ከሌለስ? ጥንዱን ተመልከቱ። 13.1 እና 26.2 አብረው ካሉ መለኪያው ማይል ነው። 21.1 እና 42.2 አብረው ካሉ ኪሎ ሜትር ነው። በማራቶን ዓለም እነዚህ አራት ቁጥሮች ከሌላ ነገር ጋር አይምታቱም፤ በቃላችሁ ያዟቸው።

ስለ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ። የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የስፔን ገጽ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። እነሱ ዘንድ ነጠላ ሰረዝ የአስርዮሽ ምልክት ነው፣ ነጥብ ደግሞ ሺህን ይለያል። ስለዚህ «42,195 km» ማለት አርባ ሁለት ኪሎ ሜትርና ትንሽ ነው እንጂ አርባ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር አይደለም። «42.195 m» ብሎ ከጻፈ ደግሞ አርባ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና አምስት ሜትር ነው፤ ያው ማራቶን። በዚህኛው ላይ «m» ማይል አይደለም። ካልኩሌተር ላይ ስታስገቡ ግን ሁልጊዜ 42.195 ብላችሁ በነጥብ አስገቡ።

## ደረጃ 2፦ አካፍሉ፤ አታባዙ

ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ስትሄዱ ማካፈል ነው። ማይል ከኪሎ ሜትር ስለሚረዝም፣ ያው መንገድ በማይል ሲቆጠር ቁጥሩ ማነስ አለበት። ይህን ካስታወሳችሁ የማባዛትና የማካፈሉ ጥያቄ አያስቸግራችሁም።

```
42.195 / 1.609344 = 26.2188
21.0975 / 1.609344 = 13.1094
```

መልሳችሁ ከዚህ ከተለየ ስህተቱን ከቁጥሩ ራሱ ማወቅ ይቻላል።

67.9 ካገኛችሁ አባዝታችኋል። ደግማችሁ አካፍሉ።

26.37 ካገኛችሁ በ1.609344 ፋንታ በ1.6 አካፍላችኋል። ልዩነቱ 0.15 ማይል ይመስላል፤ ወደ ሜትር ሲቀየር ግን ከ240 ሜትር በላይ ነው።

22.78 ካገኛችሁ በስልክ የመለኪያ መቀየሪያ ተጠቅማችሁ የመርከብና የአውሮፕላን ማይል መርጣችኋል። እርሱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ሁለቱ ተከታትለው ስለሚቀመጡ ጣት ይሳሳታል። «nautical» የሚል ቃል የሌለበትን ምረጡ።

26218 የሚል ረጅም ቁጥር ካገኛችሁ ነጥቧ ጠፍታለች፤ ያስገባችሁት 42195 ነው።

## ደረጃ 3፦ መልሱን ከገጹ ጋር አስተያዩ

ያገኛችሁት 26.2188 ነው፣ ገጹ ግን 26.2 ይላል። እዚህ ላይ «ርቀቱ ጎድሏል፣ ውድድሩ ሙሉ ማራቶን አይደለም» ብሎ የተከራከረኝ ሯጭ አለ፤ ስሌቱም ትክክል ነበር። 26.2ን በ1.609344 ብታባዙ 42.165 ኪሎ ሜትር ነው የሚመጣው፤ 30 ሜትር ያህል ይጎድላል። ነገር ግን የጎደለው መንገዱ ሳይሆን አጻጻፉ ነው። 26.2 ለአጠራር እንዲመች የተጠጋጋ ስም ነው፤ «ማራቶን» እንደማለት ነው። መንገዱ ሲለካ 42.195 ሆኖ ነው። በግማሹም እንዲሁ ነው፦ 13.1 ሲባዛ 15 ሜትር ይጎድለዋል፣ መንገዱ ግን 21.0975 ነው።

የእንግሊዝ ገጽ «26 miles 385 yards» ብሎ ከጻፈ ሙሉ ልኩን ነው የጻፈው። 385 ያርድ 352 ሜትር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከነጥቡ በኋላ ያለችው 2 ሁለት መቶ ሜትር አይደለችም። 26.2 ማለት 26 ማይልና የአንድ ማይል ሁለት አሥረኛ ነው። ለመጨረሻው ሩጫ ጉልበት የሚቆጥብ ሰው ከ26ኛው ማይል ምልክት በኋላ 200 ሜትር ቀረኝ ብሎ ቢፈተለክ 150 ሜትር ሲቀረው ይደርቃል።

የተጠጋጋው ቁጥር ከስሌታችሁ በመቶኛ ክፍል ብቻ የሚለይ ከሆነ ያው ርቀት ነው፣ ምረጡት። ከሩብ ማይል በላይ ከተለየ ግን ሌላ ውድድር ነው፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

## ደረጃ 4፦ ወደ ኋላ ፈትኑ

ልትነኩት ያሰባችሁትን የገጹን ቁጥር ውሰዱና በ1.609344 አባዙ። የሚመጣው ኪሎ ሜትር በወረቀታችሁ ላይ መጀመሪያ ከጻፋችሁት ጋር መገጣጠም አለበት። ልጁ ይህን ቢያደርግ ኖሮ 26.2 በ1.609344 ተባዝቶ 42.16 ይሰጠው ነበር፣ ወረቀቱ ላይ 21 ያይ ነበር፣ ጣቱም ይቆም ነበር። አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ሥራ ነው። ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህንን ሥሩ።

## ደረጃ 5፦ ፍጥነታችሁን በማይል ጻፉ

ርቀቱን በትክክል የመረጡ ሰዎች ደግሞ እዚህ ይወድቃሉ። ገጹ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አንዱ «Estimated finish time»፣ ሌላው «Pace (min/mile)» ነው። የመነሻ ቦታችሁን፣ ከፊት ወይም ከኋላ መሆናችሁን፣ አዘጋጆቹ የሚወስኑት ከእነዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጠቅላላ ሰዓታችሁ ነው። ይህን በምንም አታባዙ፣ በምንም አታካፍሉ። ሰዓት በማይልም በኪሎ ሜትርም ያው ሰዓት ነው። ሲጻፍ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ ነው፦ 2:27:40።

ሁለተኛው አንዱን ማይል በስንት ደቂቃ እንደምትሮጡ ነው። እኛ የምናውቀው የኪሎ ሜትሩን ነው፤ አሠልጣኙ «ኪሎውን በ3 ከ30» ይላል። ወደ ማይል ሲቀየር አሁን ማባዛት ነው፤ አንድ ማይል ከአንድ ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ጊዜው ይጨምራል። ርቀት ሲካፈል ጊዜ ይባዛል።

በ2:27:40 ማራቶን የጨረሰ ሯጭ እንውሰድ። መጀመሪያ ሁሉን ወደ ሰከንድ ቀይሩ፤ ደቂቃና ሰከንድ እንደተጻፈ ካልኩሌተር ላይ አይገባም።

```
2 x 3600 + 27 x 60 + 40 = 8860
8860 / 42.195 = 210
210 x 1.609344 = 338
338 = 5 x 60 + 38
```

በኪሎ ሜትር 210 ሰከንድ፣ ማለትም 3:30። በማይል 338 ሰከንድ፣ ማለትም 5:38። ገጹ ላይ የሚጻፈው 5:38 ነው።

እዚህ የሚበዛው ስህተት 338ን በ60 አካፍሎ 5.63 ማግኘትና «5:63» ብሎ መጻፍ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ሰከንድ አይደለም፤ የደቂቃ ክፍልፋይ ነው። 0.63ን በ60 አባዙት፣ 38 ይመጣል። ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ ከ59 የሚበልጥ ቁጥር ከጻፋችሁ ያለጥርጥር ተሳስታችኋል፤ አንዳንዱ ገጽ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ይመልሰዋል፣ አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ ይቀበለዋል።

ሌላው ስህተት የኪሎ ሜትሩን ቁጥር እንዳለ ማስገባት ነው። የማይሉ ቦታ ላይ 3:30 የጻፈ ሰው ማራቶንን በ1:31:46 እጨርሳለሁ ማለቱ ነው። ኬልቪን ኪፕቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ላይ 2:00:35 ሲሮጥ አንዱን ማይል በአማካይ በ4:36 ነበር የሚሄደው። ትዕግሥት አሰፋ በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ በ5:02 ነበር። ስለዚህ ለአንድ ማይል የጻፋችሁት ጊዜ ከእነዚህ ካነሰ ቁጥራችሁን ደግማችሁ እዩ።

የሚብሰው ግን 3:30ን በጠቅላላ ሰዓቱ ቦታ ላይ መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ገጹ ሦስት ሰዓት ተኩል ብሎ ያነበዋል። ቁጥሩ ለብዙ ሰው የሚሆን ሰዓት ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም፤ ሯጩ ለመዝናናት ከሚሮጠው ሕዝብ ኋላ ተሰልፎ መነሻው ላይ ሲደርስ ነው የሚነቃው።

ገጹ የሰዓት ገደብም በማይል ሊጽፍ ይችላል። «16-minute mile» ካለ 16 ደቂቃን ወደ 960 ሰከንድ ቀይሩና በ1.609344 አካፍሉ፤ በኪሎ ሜትር 9:57 ይሆናል። ለሙሉ ማራቶን ሰባት ሰዓት ያህል ነው። በውድድር ለሚሮጥ ሰው አያሰጋም፤ ከዘመድ ጋር በእግር ለመጓዝ የተመዘገበ ሰው ግን ይመልከተው።

## ደረጃ 6፦ ከመክፈላችሁ በፊት

ከክፍያው በፊት ያለውን የማጠቃለያ ገጽ ፎቶ አንሱት። ሦስት ቦታ ብቻ እዩ፦ የውድድሩ ስም ውስጥ «Half» የሚል ቃል አለ ወይስ የለም፣ ርቀቱ 13.1 ነው ወይስ 26.2፣ ሰዓቱ ሦስት ክፍል አለው ወይስ ሁለት። የሚከፍለው ዘመድ ከሆነ ፎቶውን ላኩለትና «ሙሉ ማራቶን ነው» ወይም «ግማሽ ነው» ብላችሁ በቃል ንገሩት። ቁጥር ብቻ አትላኩ፤ ካርዱን የያዘው ሰው ሯጭ ላይሆን ይችላል።

## ከተሳሳታችሁ በኋላ

ርቀቱን ተሳስታችሁ ከከፈላችሁ ሁለተኛ ጊዜ አትመዝገቡ። ብዙዎች ደንግጠው ይህን ያደርጉና ሁለት ክፍያ ይከፍላሉ። መጀመሪያ ስትመዘገቡ በኢሜይል የደረሳችሁን ማረጋገጫ ክፈቱ፤ የምዝገባ ቁጥራችሁ እዚያ አለ። ከዚያ በውድድሩ ገጽ ላይ ርቀት ስለመቀየር የሚለውን ደንብ ፈልጉ። ከረጅሙ ወደ አጭሩ መውረድ እስከ አንድ ቀን ድረስ የሚፈቅዱ አሉ፤ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ጭራሽ የማይፈቅዱም አሉ። ቀኑን ስታነቡ የአሜሪካ ገጽ ወሩን ከቀኑ እንደሚያስቀድም አትርሱ።

መልእክቱን አጭር አድርጉት፦

```
I registered for 26.2 mi by mistake.
I want the half marathon, 13.1 mi (21.0975 km).
Registration number: ____
```

ሁለቱንም መለኪያ ጻፉ። ማይሉ ለእነሱ፣ ኪሎ ሜትሩ ለእናንተ ማረጋገጫ ነው።

ስህተቱ በሰዓቱ ወይም በፍጥነቱ ብቻ ከሆነ ይቀላል፤ ብዙ ገጾች ገብታችሁ ራሳችሁ እንድታስተካክሉት ይፈቅዳሉ፣ የመነሻ ቦታ ከመደልደሉ በፊት ከሆነ።

ልጁ ይህንኑ ጻፈ። ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣለት፤ ርቀቱ ተቀየረ፣ የዋጋው ልዩነት ግን አልተመለሰም። ማስተካከያውን ሊያሳየኝ ሲመጣ ስልኩ ላይ ካልኩሌተሩ አልተዘጋም ነበር፦ 13.1 በ1.609344፣ እኩል ይሆናል 21.08።